የሰርክል ቲዎረም ወርክሺት፦ ለእያንዳንዱ አንግል ምክንያቱን ሳትስቱ እንዴት እንደምትጽፉ

ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ የአስረኛ ክፍል ልጆችን ማታ ማታ አስጠናለሁ፣ ሰርክል ላይ ስንደርስ ሁሌ የሚገጥመኝ ነገር አንድ አይነት ነው። ልጁ ወርክሺቱን ይዞ ይመጣል፣ ቁጥሮቹ አብዛኞቹ ልክ ናቸው፣ ማርኩ ግን ግማሽ ነው። "ኧረ ቲቸር፣ መልሱ ልክ ነው እኮ አቦ፣ ምኑ ጋ ነው የተቆረጠብኝ?" ይለኛል። ከመልሱ አጠገብ ያለውን ሳይ ደግሞ "በሰርክል ቲዎረም" የሚል አገኛለሁ፣ ወይ "ከስዕሉ እንደሚታየው"፣ ወይ ምንም የለም።

ወርክሺቱ ከላይ በግልጽ "ለእያንዳንዱ መልስ የተጠቀማችሁበትን ቲዎረም ጥቀሱ" ብሎ ከጻፈ ምክንያቱ የመልሱ ግማሽ ነው። "ሰርክል ቲዎረም" የሚባል አንድ ቲዎረም ደግሞ የለም፣ የብዙ ቲዎረሞች የጋራ ስም ነው፣ ስለዚህ እሱን መጻፍ ምንም እንዳለመጻፍ ነው የሚቆጠረው። ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ስሩ፣ አንዱን ደረጃ ዘላችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፣ በተለይ ደረጃ 3ን።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፣ ክላስ ውስጥ የምትጽፉት በእንግሊዝኛ ነው፣ እኔ ግን እዚህ ስናወራ በምንለው አፍ ነው የማስቀምጠው። ፈተና ላይ የቲዎረሙን ስም መጽሐፋችሁ ላይ ባለው አጻጻፍ ጻፉት፣ ሀሳቡ ያው ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ስዕሉን እንደገና በትልቁ ሳሉት። ወርክሺት ላይ ያለው ስዕል ብዙ ጊዜ ፎቶ ኮፒ የፎቶ ኮፒ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ሴንተሩ የት እንደሆነ እንኳን አይለይም። እዛ ላይ ቁጥር ስትደራርቡበት የትኛው አንግል የትኛው እንደሆነ ይጠፋችኋል። ኮምፓስ ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁ የሻይ ብርጭቆ ገልብጣችሁ ዙሪያውን ሳሉ።

በብርጭቆ ስትስሉ ሴንተሩ አይታወቅም፣ እሱን ደግሞ እንዲህ ታገኙታላችሁ። ያልተጣጠፈ ደብተር ወረቀት ውሰዱና አንዱን ማዕዘኑን የክቡ መስመር ላይ አስቀምጡት። የወረቀቱ ሁለት ጠርዞች ክቡን ሁለት ቦታ ላይ ይቆርጡታል፣ እነሱን ሁለት ነጥቦች ምልክት አድርጉና በማስመሪያ አገናኙ። የወረቀቱ ማዕዘን 90° ስለሆነ ያገናኛችሁት መስመር ዳያሜትር ነው። ወረቀቱን ወደ ሌላ ቦታ አዙራችሁ አንዴ ድገሙት፣ ሁለቱ ዳያሜትሮች የሚቆራረጡበት ነጥብ ሴንተሩ ነው። ይሄ ራሱ ከምትማሩት ቲዎረሞች አንዱ ነው፣ በእጃችሁ ስትሰሩት አይረሳችሁም።

ሁለት ከለር እስክሪብቶ ያዙ፣ ወይ አንድ እርሳስና አንድ እስክሪብቶ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 3 ላይ ይገባችኋል።

የምክንያት ካርድ አዘጋጁ። ግማሽ ወረቀት ላይ የቲዎረሞቹን ስም ብቻ ሳይሆን "ይሄ የሚሰራው መቼ ነው" የሚለውን አብራችሁ ጻፉ። ብዙ ልጅ ስሙን ሸምድዶ ነው የሚመጣው፣ መቼ እንደሚሰራ ግን አያውቅም። የኔ ካርድ ይሄን ይመስላል፦

1. የሴንተር አንግል። ሴንተር ላይ ያለ አንግል፣ በዚያው አርክ ላይ ቆሞ ሰርከምፈረንስ ላይ ካለ አንግል እጥፍ ነው። የሚሰራው ሁለቱም በአንድ አርክ ላይ ሲቆሙ ብቻ።
2. የሰሚሰርክል አንግል። በዳያሜትር ላይ የቆመ የሰርከምፈረንስ አንግል 90° ነው። የሚሰራው መስመሩ ዳያሜትር መሆኑ ከተነገረን ወይ በሴንተሩ እንደሚያልፍ ከተጻፈ።
3. የአንድ ሴግመንት አንግሎች። በአንድ አርክ ላይ የቆሙ የሰርከምፈረንስ አንግሎች እኩል ናቸው።
4. ሳይክሊክ ኳድሪላተራል። ተቃራኒ አንግሎች ድምራቸው 180° ነው። የሚሰራው አራቱም ነጥቦች ክቡ ላይ ሲሆኑ።
5. ታንጀንትና ሬዲየስ። በሚነካበት ነጥብ ላይ 90° ይሰራሉ።
6. ታንጀንትና ኮርድ፣ አልተርኔት ሴግመንት የሚባለው። በታንጀንቱና በኮርዱ መሀል ያለው አንግል፣ ከኮርዱ በወዲያኛው ወገን ሰርከምፈረንስ ላይ ካለው አንግል ጋር እኩል ነው።

ከእነዚህ ስር መስመር አስምሩና ሦስት ከታች ክፍል የምታውቋቸውን ጨምሩ፦ የትራያንግል አንግሎች ድምር 180°፣ ቀጥታ መስመር ላይ ያሉ አንግሎች ድምር 180°፣ እና የአይሶስለስ ትራያንግል ሁለት የስር አንግሎች እኩል ናቸው። እነዚህ የሰርክል ቲዎረም አይደሉም፣ ግን ከተጠቀማችሁባቸው እነሱም ምክንያት ናቸውና ይጻፋሉ። ብዙ ማርክ የሚበላው እዚህ ጋ ነው፣ "ይሄማ ቀላል ነው" ብለው ይዘሉታል።

## ደረጃ 1፦ የተሰጣችሁን ብቻ ስዕሉ ላይ አስቀምጡ

ጥያቄውን አንብቡ፣ እያንዳንዱን የተጻፈ ነገር በአንድ ከለር ስዕሉ ላይ አስገቡ። O ሴንተር ከሆነ ነጥብ አድርጉበት። ታንጀንት ከተባለ ታንጀንት ብላችሁ ጻፉበት። ኮርድ በO የሚያልፍ ቢመስልም "ዳያሜትር" ካልተባለ ዳያሜትር አይደለም። መስመሮች ፓራለል ቢመስሉም ካልተባለ አይደሉም።

እዚህ ላይ ጥብቅ ሁኑ ባካችሁ። ወርክሺት የሚያዘጋጅ ሰው ሆን ብሎ ለዳያሜትር የቀረበ ኮርድ ይስላል። ፕሮትራክተር አውጥቶ መለካትም አይሰራም፣ ስዕሉ በልኩ የተሳለ አይደለም፣ ቢሆንም እንኳን "ለካሁት" የሚባል ምክንያት የለም።

## ደረጃ 2፦ የሚፈለገው አንግል ጫፉ የት ነው?

ቲዎረም ከመፈለጋችሁ በፊት የምትፈልጉት አንግል ጫፉ የት ላይ እንዳለ እዩ። ∠BCD ከተባላችሁ ጫፉ የመሀሉ ፊደል C ነው። አራት አማራጭ አለ።

ጫፉ ሴንተሩ ላይ ከሆነ የሴንተር አንግል ነው። ጫፉ የክቡ መስመር ላይ ከሆነ የሰርከምፈረንስ አንግል ነው፣ አንዱ ክንዱ ታንጀንት ከሆነ ደግሞ ታንጀንት ያለበት ቲዎረም ነው የምትፈልጉት። ጫፉ ክቡ ውስጥ ሆኖ ሴንተሩ ግን ካልሆነ፣ ለምሳሌ ሁለት ኮርዶች የሚቆራረጡበት ቦታ ከሆነ፣ ካርዱ ላይ ካሉት ስድስቱ አንዱም በቀጥታ አይሰራም፣ በትራያንግል ነው የምትገቡበት። ጫፉ ከክቡ ውጪ ከሆነም እንደዛው።

ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን "እጥፍ ነው" የሚለውን ቲዎረም ያለቦታው ከሚጠቀሙት ልጆች አብዛኞቹ ጫፉን ስላላዩ ነው፣ ኮርዶች የተቆራረጡበትን ነጥብ ሴንተር አድርገው ይወስዱታል።

## ደረጃ 3፦ አርኩን በጣታችሁ ተከተሉ

ዋናው ይሄ ነው። ቲዎረም 1ም 3ም የሚወሰኑት በአርክ ነው፣ አርኩን ካላወቃችሁ ምክንያታችሁ ግምት ነው።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ጣታችሁን የአንግሉ ጫፍ ላይ አድርጉ። በአንደኛው ክንድ ሄዳችሁ ክቡን የሚነካበት ቦታ ድረሱ፣ ተመለሱና በሌላኛው ክንድ ሂዱ። አሁን ክቡ ላይ ሁለት ነጥብ አላችሁ፣ እነሱ ክቡን ለሁለት አርክ ይከፍሉታል። አንግላችሁ የቆመበት አርክ ጫፉ የሌለበት አርክ ነው። እሱን በሁለተኛው ከለር አድምቁት። ጫፉ ሴንተር ላይ ከሆነ ደግሞ አርኩ በአንግሉ ክንዶች መሀል፣ በተከፈተው በኩል ያለው ነው።

ሁለት አንግሎች አንድ አይነት አርክ ካደመቁ ይገናኛሉ። አንደኛው ሴንተር ላይ ሌላኛው ሰርከምፈረንስ ላይ ከሆነ እጥፍና ግማሽ ናቸው፣ ሁለቱም ሰርከምፈረንስ ላይ ከሆኑ እኩል ናቸው። የተለያየ አርክ ካደመቁ፣ ሁለቱ የሚነኩት ነጥብ አንድ ቢሆንም እንኳን፣ በቲዎረም 1ም በ3ም አይገናኙም። ሁለት ነጥብ መጋራት አርክ መጋራት አይደለም፣ ይሄን ለይታችሁ ያዙ።

## ደረጃ 4፦ ምክንያቱን በሦስት ክፍል ጻፉ

አንድ መስመር ላይ ሦስት ነገር ይኑር፦ አንግሉና ስሌቱ፣ የቲዎረሙ ስም፣ እና ቲዎረሙ በየትኞቹ ነጥቦች ላይ እንደሰራ።

ደረጃ 5 ላይ ከምንሰራው ጥያቄ አንዷን አንግል ልውሰድ። እንዲህ የተጻፈ አይበቃም፦

∠BCD = 75°፣ በሰርክል ቲዎረም።

እንዲህ ሲጻፍ ሙሉ ነው፦

∠BCD = 150° ÷ 2 = 75°፣ ሴንተር ላይ ያለ አንግል የሰርከምፈረንሱ እጥፍ ነው፣ ሁለቱም በአርክ BAD ላይ ናቸው።

የመጨረሻዋን ቁራጭ፣ "በአርክ BAD" የምትለዋን፣ ሁሉም አስተማሪ አይጠይቃትም። እናንተ ግን ጻፏት። እሷን መጻፍ ካልቻላችሁ ቲዎረሙን በግምት ነው የመረጣችሁት ማለት ነው፣ ራሳችሁን የምትይዙበት መንገድ ነው።

አንድ መስመር ላይ አንድ ምክንያት ብቻ። ሁለት ቲዎረም ከተጠቀማችሁ ሁለት መስመር አድርጉት።

## ደረጃ 5፦ አንድ ጥያቄ ከነምክንያቱ እስከ መጨረሻ

ክቡን ሳሉ። የግድግዳ ሰዓት አስቡና A ን ቁጥር 12 ያለበት ቦታ አድርጉት። B ከ3 ትንሽ ቀደም ብላ ትቀመጥ፣ C ከ6 ትንሽ ቀደም ብላ፣ D በ9 እና በ10 መሀል። AB፣ BC፣ CD፣ DA፣ እንዲሁም AC እና BD ን በማስመሪያ አገናኙ፣ OB እና OD ንም። A ላይ ታንጀንት ሳሉ፣ በቀኝ ያለው ጫፉ P በግራ ያለው T ይሁን።

የተሰጠው፦ O ሴንተር ነው፣ PAT በA ላይ ታንጀንት ነው፣ ∠BOD = 150°፣ ∠PAB = 40°፣ ∠CBD = 60°።

የሚፈለገው፦ ∠BCD፣ ∠BAD፣ ∠OBD፣ ∠ADB፣ ∠ABD፣ ∠CAD፣ ∠ABC።

∠BCD። ጫፉ C ነው፣ ክቡ ላይ ነው። ክንዶቹ B እና D ላይ ይደርሳሉ፣ C የሌለበት አርክ በA በኩል ያለው ነው፣ ማለትም አርክ BAD። የተሰጠው የሴንተር አንግል 150° ከ180° ስለሚያንስ የተከፈተው በA በኩል ነው፣ እሱም አርክ BAD ላይ ነው። አንድ አርክ ነው፣ ስለዚህ 150° ÷ 2 = 75°። ምክንያት፦ የሴንተር አንግል የሰርከምፈረንሱ እጥፍ፣ አርክ BAD።

∠BAD። እዚህ ላይ ነው ክላሱ በሙሉ የሚወድቀው። A ን ያያሉ፣ ክንዶቹ B እና D ላይ ይደርሳሉ፣ O ላይ 150° አለ፣ "ግማሹ 75°" ብለው ይጽፋሉ። አርኩን ተከተሉት እስቲ። A የሌለበት አርክ በC በኩል ያለው ነው፣ አርክ BCD። 150° ደግሞ አርክ BAD ላይ ነው። አይገናኙም። ሌሎቹ ደግሞ OBAD ባለ አራት ጎን ስለሆነ ብለው 180° − 150° = 30° ይላሉ፣ ይሄም አይሆንም፣ O ክቡ ላይ አይደለም፣ ሳይክሊክ የሚባለው አራቱም ጫፎች ክቡ ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው።

ትክክለኛው መንገድ፦ A፣ B፣ C፣ D አራቱም ክቡ ላይ ናቸው፣ A እና C ተቃራኒ ናቸው፣ ስለዚህ ∠BAD = 180° − 75° = 105°። ምክንያት፦ የሳይክሊክ ኳድሪላተራል ABCD ተቃራኒ አንግሎች ድምር 180°።

በሌላ መንገድም ይመጣል። O ላይ በC በኩል ያለው ሪፍሌክስ አንግል 360° − 150° = 210° ነው፣ እሱ አርክ BCD ላይ ነው፣ ግማሹ 105°። በዚህ ከሄዳችሁ ግን 210° ለብቻው መስመር ይፈልጋል፣ የሱ ምክንያት ደግሞ በአንድ ነጥብ ዙሪያ ያሉ አንግሎች ድምር 360° ነው የሚለው ነው።

∠OBD። OB እና OD ሬዲየስ ናቸው፣ ስለዚህ ትራያንግል OBD አይሶስለስ ነው። (180° − 150°) ÷ 2 = 15°። እዚህ ሁለት ምክንያት አለ፦ OB = OD ሬዲየስ ስለሆኑ የስር አንግሎቹ እኩል ናቸው፣ እና የትራያንግል አንግሎች ድምር 180° ነው። "አይሶስለስ ነው" ብቻ ካላችሁ ለምን አይሶስለስ እንደሆነ አልተናገራችሁም፣ "ሬዲየስ" የምትለዋ ቃል ትግባ።

∠ADB። ታንጀንት ያለበት ነው። የተሰጠው 40° በታንጀንቱ AP እና በኮርዱ AB መሀል ነው። ከኮርዱ AB በወዲያኛው ወገን ያለው፣ በAB ላይ የቆመው የሰርከምፈረንስ አንግል ∠ADB ነው፣ ስለዚህ 40°። ምክንያት፦ የታንጀንትና ኮርድ አንግል ከአልተርኔት ሴግመንት አንግል ጋር እኩል ነው፣ ኮርድ AB።

ይሄን ቲዎረም ብዙዎች የሚስቱት ከጎኑ ያለውን ∠ABD ን በመውሰድ ነው፣ ዜድ ቅርጽ ስለሚመስላቸው። መለያው ቀላል ነው፦ የምትፈልጉት እኩል አንግል ጫፉ ከኮርዱ ሁለት ጫፎች አንዱም መሆን የለበትም። ኮርዱ AB ከሆነ መልሳችሁ በመሀል ፊደሉ A ወይ B ካለው ተሳስታችኋል።

∠ABD። ትራያንግል ABD ውስጥ 105° እና 40° አላችሁ። 180° − 105° − 40° = 35°። ምክንያት፦ የትራያንግል አንግሎች ድምር 180°፣ ትራያንግል ABD። የሰርክል ቲዎረም ካልጻፍኩ ማርክ አላገኝም ብላችሁ የሌለ ስም አትለጥፉበት።

∠CAD። ጫፉ A፣ ክንዶቹ C እና D ላይ ይደርሳሉ፣ A የሌለበት አርክ CD። የተሰጠው ∠CBD ም ጫፉ B ሆኖ ያው አርክ CD ላይ ነው። ∠CAD = 60°። ምክንያት፦ በአንድ ሴግመንት ውስጥ ያሉ አንግሎች እኩል ናቸው፣ አርክ CD።

∠ABC። ስዕላችሁን እዩት፣ AC በO አጠገብ ነው የሚያልፈው፣ ዳያሜትር ነው የሚመስለው። "የሰሚሰርክል አንግል፣ 90°" ብሎ መጻፍ ያምራል። ግን ማንም ዳያሜትር ነው አላለንም። ያለንን እንጠቀም፦ ∠ABC = ∠ABD + ∠CBD = 35° + 60° = 95°። ምክንያት፦ አጠገብ ለአጠገብ ያሉ አንግሎች ድምር። 95° ሲመጣ AC ዳያሜትር እንዳልሆነ ራሱ ነገረን፣ ቢሆን 90° ይመጣ ነበር።

## ደረጃ 6፦ በሌላ መንገድ አረጋግጡ

መልሱን በመጣበት መንገድ ደግሞ መደመር ማረጋገጥ አይባልም፣ ስህተቱንም አብራችሁ ትደግሙታላችሁ። ሌላ ቲዎረም ተጠቅማችሁ ወደ አንድ አንግል ድረሱ።

እዚህ ጥያቄ ላይ ለምሳሌ ∠OBA ን በሁለት መንገድ ማግኘት ይቻላል። በአንደኛው፣ ካገኘነው ∠ABD + ∠OBD = 35° + 15° = 50°። በሌላኛው፣ OA ን አገናኙ። OA ሬዲየስ ነው፣ AP ታንጀንት ነው፣ ስለዚህ ∠OAP = 90°፣ ከዛ ላይ 40° ሲቀነስ ∠OAB = 50°፣ OA = OB ስለሆነ ∠OBA ም 50°። ገጠመ። ሁለተኛው መንገድ 150°ን ጨርሶ አልነካውም፣ ለዚህ ነው የሚታመነው።

ባይገጥም ኖሮ ስህተቱ የት እንደሆነ መፈለጊያ መንገድ አለ። ∠BAD ን 75° ብላችሁ ቢሆን ኖሮ ∠ABD 65° ይሆን ነበር፣ ∠OBA ም 80°፣ ከ50° ጋር አይገናኝም። እንዲህ ሲመጣ ከታች ወደ ላይ ውጡ፣ እያንዳንዱን መስመር ስታዩ ቁጥሩን ሳይሆን ምክንያቱን እዩ፣ አርኩን ሳታደምቁ የጻፋችሁት መስመር ላይ ታገኙታላችሁ።

## ስትቸገሩ

ምንም ቲዎረም ካልታያችሁ መስመር ጨምሩ። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ሬዲየስ ነው፣ ከሴንተሩ ወደ ታንጀንቱ ነጥብ ወይ ወደ ኮርድ ጫፍ። ታንጀንት ባለበት ጥያቄ ላይ ወደሚነካበት ነጥብ ሬዲየስ ካልተሳለ መጀመሪያ እሱን ሳሉ። የጨመራችሁትን መስመር ግን ወረቀቱ ላይ "OA ን በማገናኘት" ብላችሁ ጻፉ፣ አለበለዚያ አራሚው የማያየውን መስመር ነው የምትጠቅሱለት።

ጫፉ ክቡ ውስጥ ከሆነ። በኛ ስዕል AC እና BD የሚቆራረጡበትን X በሉት፣ ∠AXB ቢጠየቅስ? ከሴንተር አንግል ጋር አታምታቱት። ትራያንግል ABX ን ውሰዱ። ∠BAX ማለት ∠BAC ነው፣ ∠BAD − ∠CAD = 105° − 60° = 45°። ∠ABX ማለት ∠ABD ነው፣ 35°። ስለዚህ ∠AXB = 180° − 45° − 35° = 100°፣ ምክንያቱ የትራያንግል ድምር። ውስጥ የሚቆራረጡ ኮርዶች አንግል የሁለቱ አርኮች ድምር ግማሽ ነው የሚለውን ከተማራችሁ እሱንም መጠቀም ትችላላችሁ፣ አርክ AB 80° ነው፣ አርክ CD 120° ነው፣ ግማሽ ድምራቸው 100°። ክላስ ውስጥ ያልተማራችሁትን ቲዎረም ግን አትጥቀሱ።

ሁለት ቲዎረም ሁለቱም የሚሰሩ ከሆነ አንዱን ምረጡ። "የሴንተር አንግል ወይም ሳይክሊክ ኳድሪላተራል" ብሎ መጻፍ የትኛውን እንደተጠቀማችሁ አለማወቅ ነው የሚመስለው፣ አንዳንድ አራሚ ሁለቱንም ይሰርዘዋል።

ራሳችሁን ክብ ስትዞሩ ካገኛችሁት። አንዳንዴ ∠ABC ን ለማግኘት ∠ADC ን ትጠቀማላችሁ፣ ∠ADC ን ደግሞ ያገኛችሁት ∠ABC ን 90° ነው ብላችሁ ገምታችሁ ነው። እያንዳንዱ መስመር ከሱ በላይ ካለ መስመር ወይ ከተሰጠው ብቻ ነው መውሰድ ያለበት። ይሄን ለማየት መስመሮቻችሁን ቁጥር ስጧቸውና ከየትኛው መስመር እንደወሰዳችሁ በጎን በእርሳስ አስቀምጡ፣ ወደ ታች የሚያይ ቁጥር ካለ እዛ ጋ ነው የተሳሳተው።

ሰዓት እያለቀባችሁ ከሆነ የቀረውን አንግል ስሌት ብቻ ከመሞንጨር፣ ሁለት አንግል ከነምክንያቱ ሙሉ አድርጋችሁ ጨርሱ።

## ከመስጠታችሁ በፊት

የመልሶቹን ቁጥሮች በሌላ ወረቀት ሸፍኑና ምክንያቶቹን ብቻ ከላይ ወደ ታች አንብቡ። እያንዳንዱ ምክንያት የቲዎረም ስም አለው? አርኩ ወይ ኮርዱ ወይ ትራያንግሉ በፊደል ተጽፏል? ሁለቱ ጎኖች ሬዲየስ ስለሆኑ አይሶስለስ ያላችሁበት ቦታ ላይ "ሬዲየስ" የሚል አለ? ከዛ ወርክሺቱን አጠገባችሁ ላለ ልጅ ስጡትና ቁጥሩን ሳያይ ምክንያቱን ብቻ አንብቦ የትኛውን አንግል እንደሆነ በጣቱ ስዕሉ ላይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ማሳየት ያቃተው መስመር ካለ ያቺን መስመር ብቻ ሰርዛችሁ ከደረጃ 3 ጀምራችሁ እንደገና ጻፏት።